ከስክሪኑ ውጭ የተከፈተው መስኮት

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ ከቢሮ ይዛው የመጣችውን ላፕቶፕ ከፍታ የወር መዝጊያ ሥራዋን ልትጨርስ ተቀምጣለች። የሂሳብ ፕሮግራሙን ምልክት ሁለቴ ጠቅ አደረገችው። ከታች ታስክባሩ ላይ የፕሮግራሙ ምልክት ብቅ አለ፤ ከሥሩም መስመር ተሰመረበት። ስክሪኑ ላይ ግን የመጣ ነገር የለም። ደግማ ጠቅ አደረገች፤ ዝም። ላፕቶፑን አጥፍታ አበራችው፤ ያው ነው። ቢቸግራት የመሥሪያ ቤቷ የኮምፒውተር ባለሙያ ጋ ደወለች።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ በማታ አስቸገርኩህ። ፕሮግራሙ አልከፈት አለኝ።»

«ኧረ ምንም አይደል እትዬ። ግን አልከፈት ነው ያለዎት ወይስ አልታይ?»

የነገሩ ቁልፍ ያለው በዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ ተከፍቷል። ሥራውን ለመጀመርም ዝግጁ ሆኖ ተቀምጧል። የተቀመጠው ግን ቀን ላይ ቢሮ ውስጥ ከላፕቶፑ በስተግራ ቆሞ የነበረው ትልቁ ሞኒተር ያለ ይመስል፣ እዚያ ላይ ነው። ሞኒተሩ ቢሮ ቀርቷል፤ የመስኮቱ አድራሻ ግን ከላፕቶፑ ጋር ቤት ድረስ መጥቷል።

አድራሻው ምን እንደሚመስል ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ እሱ ከገባን መፍትሔዎቹ ለምን እንደሚሠሩ፣ አንዳንዴም ለምን እንደማይሠሩ ግልጽ ይሆናል። ዊንዶውስ ከኮምፒውተሩ ጋር የተገናኙትን ስክሪኖች በሙሉ አንድ ሰፊ ሰሌዳ አድርጎ ነው የሚቆጥራቸው። የሰሌዳው መነሻ፣ ማለትም ዜሮ ነጥብ፣ የዋናው ስክሪን የላይኛው ግራ ጥግ ነው። ከዚያ ወደ ቀኝ ስንሄድ ቁጥሩ ይጨምራል፤ ወደ ግራ ስንሄድ ደግሞ ከዜሮ በታች ይወርዳል። የሂሳብ ሠራተኛዋ ላፕቶፕ ወርዱ 1366 ነጥብ ነው እንበል። ላፕቶፑ ዋናው ስክሪን ስለሆነ ከ0 እስከ 1365 ያለውን ቦታ ይይዛል። በስተግራ ያለው የቢሮ ሞኒተር ደግሞ ወርዱ 1920 ስለሆነ ከ-1920 እስከ -1 ያለው የእሱ ነው። የሂሳብ ፕሮግራሙን ትልቁ ሞኒተር ላይ ዘርግታ ስትሠራ ዋለች፤ የመስኮቱ ግራ ጠርዝ -1500 ላይ፣ ወርዱም 1200 ነበር። ማታ ፕሮግራሙን ዘጋች፤ ፕሮግራሙም «ነገ እዚሁ እከፈታለሁ» ብሎ -1500ን መዘገበ። ቤት ስትከፍተው የመስኮቱ ቀኝ ጠርዝ እንኳ የሚደርሰው -300 ላይ ነው። ከሚታየው ስክሪን ጫፍ 300 ነጥብ ይቀረዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «ዊንዶውስ ሞኒተሩ መነቀሉን አያውቅም ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ያውቃል። ፕሮግራሙ ክፍት ሆኖ ሳለ ገመዱ ቢነቀል ኖሮ ዊንዶውስ መስኮቱን አንስቶ ወደ ቀረው ስክሪን ያመጣው ነበር፤ ይህን በአብዛኛው በደንብ ይሠራል። ጣጣው የመጣው ሴትዮዋ ሥርዓት ያላት ሠራተኛ ስለሆነች ነው። መጀመሪያ ፕሮግራሙን ዘጋች፣ ከዚያ ገመዱን ነቀለች፣ ከዚያ ሄደች። ገመዱ ሲነቀል ዊንዶውስ የሚያነሳው ክፍት መስኮት አልነበረም። ማታ ቦታውን የመረጠው ዊንዶውስ ሳይሆን ራሱ ፕሮግራሙ ነው፤ የድሮ ማስታወሻውን አንብቦ «-1500 ላይ ክፈተኝ» አለ፣ ዊንዶውስም እንደታዘዘ ከፈተለት።

ማስታወሻው የሚጻፍበት ቦታ እንደ ፕሮግራሙ ይለያያል። አንዳንዱ የዊንዶውስ ሬጂስትሪ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ሌላው ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ይጽፈዋል። ለምሳሌ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ `%AppData%\Notepad++` በሚለው ፎልደር ውስጥ `config.xml` የሚባል ፋይል አለው። እዚያ ውስጥ የመስኮቱ አድራሻ እንዲህ ተጽፎ ይገኛል፤

```
<GUIConfig name="AppPosition" x="-1500" y="120" width="1200" height="700" isMaximized="no" />
```

`x` የሚለው ቁጥር ከዜሮ በታች ከሆነና በስተግራ ሞኒተር ከሌለ መስኮቱ የት ገብቶ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት ያልጠቀመውም ለዚህ ነው፤ ማስታወሻው ዲስኩ ላይ ስለተጻፈ መብራት ቢጠፋ ቢበራ አይነካውም። ፕሮግራሙን ነቅሎ እንደገና መጫንም ብዙ ጊዜ ዋጋ የለውም። የተጠቃሚው ማስታወሻ ከፕሮግራሙ ተለይቶ ስለሚቀመጥ ፕሮግራሙ ሲነሳ እሱ ይቀራል።

ወደ መፍትሔው ከመሄድ በፊት አንድ ፍተሻ ማድረግ ይጠቅማል። ማውሱን ይያዙና ቀስቱን ሞኒተሩ ወደነበረበት አቅጣጫ እስከ ስክሪኑ ጠርዝ ድረስ ይግፉት። ቀስቱ ጠርዙ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ዊንዶውስ ሞኒተሩ እንደሌለ ያውቃል፤ ያረጀው የመስኮቱ አድራሻ ብቻ ነው። ቀስቱ ጠርዙን አልፎ ከጠፋ ግን ዊንዶውስ እዚያ ሌላ ስክሪን አለ ብሎ ያምናል። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። ብዙ ሰው ይህን ፍተሻ ሳያደርግ ነው ያገኘውን ቁልፍ ሁሉ ሲጫን የሚያመሸው።

ቀስቱ ጠርዙ ላይ ከቆመ መስኮቱን በእጅ ጎትቶ ማምጣት ይቻላል። ታስክባሩ ላይ የፕሮግራሙን ምልክት አንዴ ጠቅ ያድርጉ፤ መስኮቱ ባይታይም ኪቦርዱ ወደ እሱ ዞሯል። አሁን Alt ይዘው የክፍተት ቁልፉን፣ ማለትም Space ይጫኑ። ይህ የመስኮቱን ትንሽ ዝርዝር ይከፍታል፤ ዝርዝሩ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ብቅ ሊል ይችላል፣ ባይታይም አይደንግጡ። ቀጥሎ M የሚለውን ፊደል ይጫኑ፤ Move ማለት ነው። ከዚያ ከአራቱ የአቅጣጫ ቁልፎች አንዱን አንዴ ይጫኑ። ይህችን እርምጃ የሚዘልላት ሰው ብዙ ነው፤ መስኮቱን ከማውሱ ጋር የምታጣብቀው ግን እሷ ናት። ከዚህ በኋላ ምንም ሳይጫኑ ማውሱን ወደ ስክሪኑ መሐል ቢያንቀሳቅሱ መስኮቱ ተከትሎ ይመጣል። የሚፈልጉት ቦታ ሲደርስ ጠቅ ያድርጉ፤ እዚያው ይቀራል። በመሐል Esc ከተጫኑ ወደ ድሮ ቦታው ይመለስና ከሀ መጀመር ነው።

ይህ የማይሠራባቸው አጋጣሚዎች አሉ። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ሆኖ M መጫኑ ለውጥ ካላመጣ፣ Win እና Space በአንድ ላይ ተጭነው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱና ይድገሙት። መስኮቱ ስክሪን ሞልቶ የተከፈተ ከሆነ ደግሞ Move የሚለው ደብዝዞ አይታዘዝም፤ መጀመሪያ በ Alt እና Space ዝርዝሩን ከፍቶ R መጫን፣ ማለትም Restore ማለት ያስፈልጋል። በፊደል መጫን የማይወድ ሰው በማውስ ያድርገው። ቀስቱን ታስክባሩ ላይ ባለው ምልክት ላይ ሲያሳርፉት የመስኮቱ ትንሽ ምስል ብቅ ይላል፤ Shift ይዘው ምስሉ ላይ በቀኝ ጠቅ ሲያደርጉ Move ያለበት ያው ዝርዝር ይመጣል። በነገራችን ላይ ያች ትንሽ ምስል ጥሩ ምስክር ናት። ምስሉ ላይ የፕሮግራሙ ገጽ ከታየ ፕሮግራሙ ደህና ነው፤ የጠፋው ቦታው ብቻ ነው።

ከዚህ የቀለለም መንገድ አለ፤ ምልክቱን ጠቅ አድርጎ Win ከወደ ላይ ቀስት ጋር መጫን። መስኮቱ ቅርቡ ባለው ስክሪን ላይ ሞልቶ ይከፈታል፤ ያለው ደግሞ የላፕቶፑ ብቻ ነው። ወጥመድ ግን አለበት። መስኮቱ እንዲህ ሲሞላ የድሮ አድራሻውን አልረሳም። ላዩ ላይ ያለችውን የማሳነሻ ካሬ ጠቅ ካደረጉ ወደ -1500 ተመልሶ ሊጠፋ ይችላል። ከካሬዋ ይልቅ የመስኮቱን የርዕስ መስመር በማውስ ይዘው ወደ ታች ይጎትቱት፤ ያን ጊዜ መስኮቱ ማውሱ ባለበት ይቀንሳል፣ አዲስ አድራሻም ይይዛል። ከዚያ ፕሮግራሙን በሥርዓቱ ዘግተው እንደገና ይክፈቱት። ብዙ ፕሮግራሞች አድራሻቸውን የሚመዘግቡት ሲዘጉ ስለሆነ፣ በ Task Manager በግድ ከተገደሉ አዲሱን ቦታ ሳይጽፉ ይሞታሉ፤ ነገም ያው ችግር ይመለሳል።

በግድ ስለመዝጋት ካነሳን፣ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ ሥራ የሚያጠፋው ሙሉው መስኮት ሲሰወር ሳይሆን ትንሽ የጥያቄ ሳጥን ስትሰወር ነው። ዋናው መስኮት ፊት ለፊት ይታያል፤ ጠቅ ሲያደርጉት ግን «ዲንግ» ብሎ ይጮህና ምንም አያደርግም። ሰው «ደረቀ» ይልና ይገድለዋል፤ ያላስቀመጠው ሥራ አብሮ ይሄዳል። ፕሮግራሙ ግን አልደረቀም። «ለውጡ ይቀመጥ ወይ?» ወይም «የትኛውን ቀን ልክፈት?» የሚል ሳጥን ከስክሪኑ ውጭ ከፍቶ መልስ እየጠበቀ ነው፤ መልስ እስኪያገኝ ደግሞ ሌላ ነገር አይቀበልም። መለያው ያ ድምፅ ነው። የደረቀ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ መስኮቱ ይነጣል፣ ርዕሱ ላይም Not Responding የሚል ይጨመርበታል፤ ጠባቂው ግን ይጮሃል እንጂ አይነጣም። እንዲህ ሲሆን ትንሿ ሳጥን ኪቦርዱን እንደያዘች ስለሆነ Alt እና Space፣ M፣ አንድ የአቅጣጫ ቁልፍ፣ ከዚያ ማውስ፤ ሳጥኗ ራሷ ትመጣለች። በ Win እና ቀስት ግን አይሞክሩት፤ መጠናቸው የማይቀየር ትንንሽ ሳጥኖች ለእሱ አይታዘዙም። ጥያቄውን ሳያዩ Enter መጫንም አይመከርም፤ ለምን «እሺ» እንዳሉ አያውቁትም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት እንሂድ፤ ቀስቱ ጠርዙን አልፎ ወደሚጠፋበት። ይህ እኛ አገር ብዙ ሰው የሚያውቀው ነው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ሞኒተሩ ግን ይጨልማል። ገመዱ እንደተሰካ ስለሆነ አንዳንድ ሞኒተር ቢጨልምም ለኮምፒውተሩ «አለሁ» ማለቱን አይተውም። በተለይ በኤችዲኤምአይ የተያያዘ ቴሌቪዥን በሪሞት ሲጠፋ ይህ ይደጋገማል። የስብሰባ አዳራሽ ፕሮጀክተርም እንዲሁ ነው፤ አቅራቢው ፋይሉን ይከፍታል፣ ፋይሉም ባልበራው ፕሮጀክተር ላይ ይከፈታል፣ ሰውም ይጠብቃል። እዚህ ዊንዶውስ አልተሳሳተም። በእሱ አስተያየት ስክሪኑ አለ፣ መስኮቱም ስክሪኑ ላይ ነው። ያልበራው መብራቱ ብቻ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚቀለው ገመዱን መንቀል ነው። መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ሲነቀል ዊንዶውስ ራሱ ያመጣዋል። ገመዱ የማይደረስበት ቦታ ከሆነ፣ አዳራሽ ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ የተዘረጋ ቢሆን፣ Win እና P ተጭኖ ከሚመጣው ዝርዝር PC screen only የሚለውን መምረጥ ነው። ያኔ ዊንዶውስ ሌላውን ስክሪን ከቁጥር ያወጣውና መስኮቶቹን ሁሉ ወደ ላፕቶፑ ይሰበስባል። አንዱን መስኮት ብቻ ማምጣት ለሚፈልግ ደግሞ ምልክቱን ጠቅ አድርጎ Win፣ Shift እና የግራ ወይም የቀኝ ቀስት በአንድ ላይ መጫን ይበቃል፤ መስኮቱ ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው ይዘላል። ይህ ሦስት ቁልፍ የሚሠራው ዊንዶውስ ሁለት ስክሪን ሲቆጥር ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓይነት፣ በሂሳብ ሠራተኛዋ ቤት፣ ቢጫኑት የሚዘልበት ሌላ ስክሪን ስለሌለ ምንም አይለውጥም። ያን ፍተሻ ቀድመን ያደረግነው ለዚህ ነው።

ዊንዶውስ 10 ያለው ሰው ታስክባሩ ባዶ ቦታ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጎ Cascade windows ቢል ክፍት መስኮቶቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው ይመጡለታል። ዊንዶውስ 11 ላይ ይህ ተነስቷል፤ ብዙዎቻችን ቅር ብሎናል። በምትኩ በ Settings ውስጥ System፣ Display፣ Multiple displays ብሎ ሲገቡ ሁለት ምርጫዎች ይገኛሉ። አንዱ Remember window locations based on monitor connection ይላል፤ ሞኒተሩ ተመልሶ ሲሰካ መስኮቶቹን ወደነበሩበት ይመልሳል። ሌላው Minimize windows when a monitor is disconnected ይባላል፤ ሞኒተሩ ሲነቀል እዚያ የነበሩትን መስኮቶች ወደ ታስክባር ያወርዳቸዋል። ሁለተኛው አንዳንድ ሰው ያስደነግጣል፣ መስኮቶቹ የጠፉ ስለሚመስሉ። ምልክታቸውን አንዴ ጠቅ ሲያደርጓቸው ግን ይነሳሉ። እነዚህ ምርጫዎች የሚረዱት ሲነቀል ክፍት ለነበረ መስኮት ነው፤ ተዘግቶ አድራሻውን ራሱ ይዞ ለሚዞር ፕሮግራም አይደርሱለትም።

ለሂሳብ ሠራተኛዋ የሚሆነው መከላከያ እንግዲህ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ማታ ከቢሮ ስትወጣ ፕሮግራሙን ሳትዘጋ መጀመሪያ Win እና P ተጭና PC screen only ትበል፤ መስኮቱ ወደ ላፕቶፑ ይመጣል። ከዚያ ትዝጋው፣ ከዚያ ገመዱን ትንቀል። ፕሮግራሙ የሚመዘግበው አድራሻ የላፕቶፑ ይሆናል፤ ጠዋት ቢሮ ስትገባም የላፕቶፑ ስክሪን ስለማይጠፋ እዚያው ታገኘዋለች።

ሞኒተሩን ከግራ ወደ ቀኝ ማዛወር ግን መፍትሔ አይደለም፤ ያኔ አድራሻው -1500 መሆኑ ቀርቶ 1700 ወይም 2000 ይሆናል፣ ላፕቶፑ ደግሞ 1365 ላይ ያልቃል። ትልቁን ሞኒተር ዋናው ስክሪን ማድረግ ይሻላል የሚሉም አሉ። እውነት አለው፤ ዜሮው ወደ ትልቁ ሞኒተር ስለሚዛወር እዚያ 100 ላይ የተከፈተ ፕሮግራም ቤትም 100 ላይ፣ ላፕቶፑ ውስጥ ይከፈታል። ነገር ግን ያን ጊዜ ላፕቶፑ ላይ ሲሠሩበት የነበረው መስኮት ተራውን ከ1920 ጀምሮ ባለው ቦታ ይመዘገባል፤ ቤት ሲደርሱ የሚጠፋው እሱ ይሆናል።

ጥፋቱ የማን ነው ካልን፣ የተጠቃሚው አይደለም፤ የዊንዶውስም በከፊል ብቻ ነው። ፕሮግራም ጸሐፊዎች መስኮት ወደ ቦታው የሚመልሱባቸው የተለያዩ የዊንዶውስ ትዕዛዞች አሏቸው። `SetWindowPlacement` የሚባለው መስኮቱ ሙሉ በሙሉ ከስክሪን ውጭ የሚወድቅ ከሆነ ቁጥሩን አርሞ ወደሚታይ ቦታ ያመጣዋል፤ ይህ በማይክሮሶፍት ሰነድ ላይ በግልጽ ተጽፏል። `MoveWindow` እና `SetWindowPos` ግን የተሰጣቸውን ቁጥር እንዳለ ይፈጽማሉ። ለፋርማሲ፣ ለሱቅ፣ ለሂሳብ ክፍል ፕሮግራም የምትሠሩ ወጣቶች ይህን ካነበባችሁ አደራ፤ ያስቀመጣችሁትን አድራሻ ከመተግበራችሁ በፊት እዚያ ቦታ ላይ ስክሪን መኖሩን `MonitorFromRect` ጠይቁት። መልሱ ባዶ ከሆነ መስኮቱን ዋናው ስክሪን ላይ ክፈቱት። ጥቂት መስመር ኮድ ናት፤ ደንበኛችሁንም በማታ ስልክ ከመደወል ታድነዋለች።